ምን ተቀየረ? ለምን ተቀየረ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የሰው ጽሑፍ ለምታርሙ ነው። በሚዛን አማን፣ በቴፒ፣ በማሻ ወይም በቦንጋ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍታችሁ ደብዳቤና ብሮሸር የምታዘጋጁ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ ለቡና ማኅበራትና ለላኪዎች ጽሑፍ የምታስተካክሉ አላችሁ። አጠገባችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ካለ አቅርቡት፤ ሰንጠረዥ እናሰምራለን።

አንድ የቡና ማኅበር ብሮሸሩን አርሙልኝ ብሎ ይሰጣችኋል። ሁለት ቀን ተቀምጣችሁበት ትመልሱለታላችሁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ያገላብጠዋል፤ የሚታየው ንጹሕ ጽሑፍ ነው። ድካማችሁ ጨርሶ አይታየውም። የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሱ የሚወደው ቃል ጠፍቷል። «ጌሻ የሚለውን ማን አውጣ አለህ?» ይላል። በዚያች ሰዓት ከአፍ የሚወጣ ማብራሪያ፣ ትክክል እንኳ ቢሆን፣ ሰበብ ይመስላል። አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ምክንያት ግን ሌላ ክብደት አለው። ይህን የምንጽፍበትን ነው የእርማት መዝገብ የምንለው፤ ከእርማት በፊት የነበረውን፣ በኋላ የሆነውንና ምክንያቱን ጎን ለጎን ይይዛል።

ወረቀቱን አግድም አድርጉና ስድስት አምዶች አስምሩ። የመጀመሪያው ተራ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ቦታ ነው፤ አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለሦስት ሲታጠፍ ስድስት ፊት ይወጣዋልና «ፊት 2፣ አንቀጽ 1» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሦስተኛው «በፊት»፣ አራተኛው «በኋላ»፣ አምስተኛው «ምክንያት» ነው። ስድስተኛው «ውሳኔ» ሲሆን ከሁሉም ሰፋ ይበል። ለምን እንደሚሰፋ በኋላ እንደርስበታለን።

አሁን የምሳሌ ብሮሸር እንያዝ። ማኅበሩን ለትምህርት ስንል እኛው ፈጥረነዋል፤ ቦታው ቴፒ ነው። ብሮሸሩ መጀመሪያ በአማርኛ ይጻፋል፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለአዲስ አበባ ላኪዎችና ከውጭ ለሚመጡ ገዢዎች ይሰጣል። በአማርኛው ያለፈ ስሕተት በእንግሊዝኛው ተመልሶ ይወለዳልና የአማርኛው እርማት ድርብ ሥራ ነው። የሁለተኛው ፊት የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ማኅበራችን በደቡብ ክልል በሸካ ዞን በቴፒ ከተማ በ2005 ተቋቁሞ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የበቀለውን መቶ በመቶ ኦርጋኒክ የሆነውንና በዓለም የታወቀውን የጌሻ ቡና በዓመት 1,200 ፈረሱላ ለገበያ ያቀርባል።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለማንበብ ትንፋሽ ያሳጥራል። ብዙ አራሚ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ርዝመቱ ነው፤ ከፋፍሎ አሳምሮ ይመልሰዋል። ርዝመቱ ግን የዚህ ዓረፍተ ነገር ቀላሉ በሽታ ነው። ከባዱ ስድስት የሚጣሩ ነገሮች በአንድ ላይ መታሰራቸው ነው፤ ክልሉ፣ ዓመቱ፣ ከፍታው፣ ኦርጋኒክ መባሉ፣ ጌሻ መባሉና መጠኑ። ስለዚህ በመዝገባችን ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ስድስት መስመር ይወስዳል።

ከቀላሉ እንጀምር። «በፊት» በሚለው አምድ «በደቡብ ክልል» ብለን እንጽፋለን፤ ቃሉን ከነፊደሉ፣ እንደ ነበረ። «በኋላ» በሚለው «በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል» እንላለን። ምክንያቱ፦ «ክልሉ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በይፋ ተመሥርቷል፤ ሸካ ዞን ከዚያ ወዲህ በዚህ ክልል ሥር ነው።» ውሳኔ፦ «ተስተካክሏል»። ደንበኛውን መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ማንም ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። ማኅበሩ የቆየ ብሮሸሩን እየገለበጠ ስላሳተመ ብቻ የቀረ ስሕተት ነው። ሚዛን ላይ ያላችሁ ደግሞ «ቤንች ማጂ ዞን» የሚል አሮጌ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ ዛሬ ቤንች ሸኮ መሆኑን እንዳትዘነጉ።

ሁለተኛው መስመር «በ2005 ተቋቁሞ» የሚለው ነው። ለእኛ ግልጽ ነው። ለውጭ ገዢ የሚተረጉመው ሰው ግን ቁጥሩን ሳይነካ ቢያሳልፈው ማኅበሩ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ገዢው ከምዝገባ ሰነዱ ጋር ሲያስተያየው ደግሞ አይገጥምም። እንግዲህ «ዓ.ም.» ጨምረን ለተርጓሚው የፈረንጁን ዓመት ልንሰጠው እንፈልጋለን። የትኛውን? ማኅበሩ የተቋቋመው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2005 በፊት ከሆነ 2012 ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሆነ 2013 ነው። ይህን እኛ አናውቅም። ስለዚህ «በኋላ» የሚለውን አምድ ክፍት እንተወውና በውሳኔው አምድ «ጥያቄ ለደንበኛው፦ የተቋቋማችሁበት ወር የትኛው ነው?» ብለን እንጽፋለን።

ስድስተኛው አምድ ሰፊ ይሁን ያልነው ለዚህ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንደኛው አራሚው በራሱ ሥልጣን የሚጨርሰው ነው፤ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የክልል ስም። ሁለተኛው ደንበኛው ብቻ ሊመልሰው የሚችል ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ነገር የሚበላሸው። አራሚው ሊጠይቅ የሚገባውን ገምቶ ካስተካከለ ብሮሸሩ ያማረ ውሸት ይይዛል። ሊጨርሰው የሚገባውን ሁሉ እየጠየቀ ካስቸገረ ደግሞ ደንበኛው «ታዲያ ምን ልታደርግልኝ ነው የከፈልኩህ?» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ከፍታው ሦስተኛው መስመር ነው። 2,000 ሜትር ይላል። የቴፒ ከተማ አካባቢ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ቡና ገዢ ከፍታን የሚያየው ለጌጥ አይደለም፤ ከፍ ባለ ቦታ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ጣዕሙን ከከፍታው ጋር አያይዞ ይገምታል። የቆላ ቡና የቀመሰ ሰው «2,000 ሜትር» የሚል ካነበበ የሚጠራጠረው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ብሮሸሩን በሙሉ ነው። ቢሆንም ዘለን 1,200 ብለን አንተካም። የኪ ወረዳ ውስጥ ከከተማው ከፍ የሚሉ ቀበሌዎች አሉ፤ የአባላቱ ማሳ የት እንዳለ ደግሞ የሚያውቀው ማኅበሩ ነው። ምክንያቱን እንዲህ እንጽፋለን፦ «የቴፒ ከተማ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ 2,000 የሚለው የየትኛው ማሳ ልኬት ነው? ዝቅተኛውና ከፍተኛው ማሳ ቢለካ ይመረጣል።» በስልክ መለካት ይቻላል፤ የስልክ ከፍታ ግን በአሥሮች ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ደጋግሞ መለካትና ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ማኅበሩ ለክቶ ከ1,150 እስከ 1,300 ሜትር ብሎ መለሰልን እንበል። «በኋላ» የሚለው አምድ ያን ጊዜ ይሞላል፤ ውሳኔው ደግሞ «በደንበኛው መልስ ተስተካክሏል» ተብሎ ቀኑ ይጻፍበታል።

«መቶ በመቶ ኦርጋኒክ» አራተኛው ነው። ገበሬው ማዳበሪያ አልገዛም፣ መድኃኒት አልረጨም፤ ታዲያ ኦርጋኒክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሰብሳቢው እንዲህ ቢሉ አይፈረድባቸውም። በአውሮፓ ገበያ ግን ቃሉ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በታወቀ አካል ተመርምሮ ምስክር ወረቀት ያላገኘ ቡና በዚህ ስም አይሸጥም። ስለዚህ «በኋላ» በሚለው «አባሎቻችን የኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አይጠቀሙም» ብለን እናቀርባለን። ከጎኑ ጥያቄ እናስቀምጣለን፦ «ምስክር ወረቀት ካላችሁ ቁጥሩንና የሰጠውን ድርጅት ላኩልን፤ የመጀመሪያው ቃል ይመለሳል። ከሌለስ፣ አዲሱ አባባል ለሁሉም አባል እውነት ነው?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሷት። ሕግ የሚጥስ ቃል አውጥተን ያልተረጋገጠ ቃል ካስገባን ምንም አላረምንም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ጌሻ ላይ ደረስን። ይህኛው ከአራሚው ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የአካባቢ ኩራት አለበት።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1930ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ዘር ተሰብስቦ ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ሄደ። በ1953 ኮስታሪካ ካለ የምርምር ማዕከል ደረሰ፤ ከዚያም በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሻገረ። ዓለም ያወቀው ግን በ2004 ነው፤ ኤስሜራልዳ የሚባል የፓናማ እርሻ በአገሩ የቡና ውድድር ይዞት ቀርቦ አሸነፈ፣ ዋጋውም ከዚያ ወዲህ ተሰቀለ። ዛሬ ብሮሸር ላይ «ጌሻ» የሚል ያነበበ ገዢ የተለየ ዝርያ ይጠብቃል፤ ለዝርያው ማስረጃም ይጠይቃል።

ሰብሳቢው መዝገቡን ይዘው መጡ እንበል። ንግግሩ እንደዚህ ሊሄድ ይችላል።

«ስማ ልጄ፣ ጌሻ እኮ ጎረቤታችን ነው። ፓናማ ሲጠራበት እኛ የምንከለከለው በምን ዕዳ ነው?»

«ጋሼ፣ አልከለከልንም። እርስዎ ለገዢው የሚሰጡት ቡና ዘሩ ከየት የመጣ ነው?»

«ግማሹ ከምርምር የወሰድነው ችግኝ ነው። ግማሹ አባቶቻችን የተከሉት።»

«እንግዲያው ገዢው ‹ጌሻ መሆኑን አሳየኝ› ቢል ምን ያሳዩታል?»

ሰብሳቢው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ «እሱማ የለንም» ይላሉ።

ልብ በሉ፣ አራሚው «ስሕተት ነው» አላለም። በመዝገቡም የጻፈው እንዲህ ነው፦ «‹ጌሻ› ለውጭ ገዢ የዝርያ ስም ነው፤ የዝርያ ማስረጃ ካልቀረበ ውሉ ላይ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። የቀረበ አማራጭ፦ ‹የቴፒ ቡና›።» አማራጩም ተራ አይደለም፤ ቴፒ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ምደባ በራሱ ስም የሚጠራ ነው። ደንበኛው ቃሉ ሲወጣበት በምትኩ የሚይዘው ነገር ካገኘ ክርክሩ ያጥራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሰብሳቢው «ይቆይልኝ» ሊሉ ይችላሉ። ብሮሸሩ የሳቸው ነው። ያን ጊዜ ውሳኔ በሚለው አምድ «ደንበኛው አልተቀበለም፤ ቀድሞ እንደነበረው ይታተም» ብላችሁ ቀኑን ትጽፋላችሁ። ቂም የለም፣ ማስፈራሪያም የለም። ነገ ገዢው ቢከራከር መዝገቡ ማን ምን እንዳለ ያሳያል። ለአራሚም መከላከያ ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር አያሳፍርም።

የመጨረሻው 1,200 ፈረሱላ ነው። በአገር ውስጥ የቡና ግብይት ፈረሱላ የሁሉም መለኪያ ነው፤ አንዱ 17 ኪሎ። ለውጭ ገዢ ግን ትርጉም የለውም። 1,200 በ17 ሲባዛ 20,400 ኪሎ ይመጣል። ቡና ወደ ውጭ የሚጫነው በ60 ኪሎ ጆንያ ስለሆነ 340 ጆንያ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተለምዶ 320 ጆንያ ይይዛልና ማኅበሩ በዓመት ከአንድ ኮንቴይነር ትንሽ የሚበልጥ ቡና አለው ማለት ነው። ገዢ ማወቅ የሚፈልገው ይህንን ነው። በምክንያቱ አምድ ስሌቱን ራሱን ጻፉት፦ «1,200 × 17 = 20,400 ኪሎ፤ በ60 ሲካፈል 340 ጆንያ።» ሰብሳቢው በእጃቸው ስልክ ሊፈትሹት ይችላሉ። አንዲት ጥያቄ ግን ትቀራለች፤ ይህ መጠን ተፈልፍሎና ተለቅሞ የተዘጋጀ ቡና ነው ወይስ ጀንፈል? ጀንፈል ከሆነ ሲፈለፈል ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ያ ማለት ኮንቴይነሩ አይሞላም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በብሮሸር እርማት ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ የሚገኘው ግን ቁጥሩን አስልቶ የጻፈው ሰው ጋ ነው። ማኅበሩ «የተዘጋጀ ቡና ነው» ብሎ ከመለሰ መስመሩ ይዘጋል።

የማኅበሩ መልስ ሁሉ መጥቶ፣ የተቋቋሙበትም ወር ጥር ሆኖ ሲገኝ፣ ሰብሳቢውም በጌሻው ጉዳይ ሲስማሙ፣ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ «ማኅበራችን በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በሸካ ዞን፣ በቴፒ ከተማ ተቋቋመ። የአባሎቻችን ማሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,150 እስከ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። አባሎቻችን የኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አይጠቀሙም። በዓመት 20,400 ኪሎ፣ ማለትም 340 ጆንያ፣ የተዘጋጀ የቴፒ ቡና ለገበያ እናቀርባለን።» ዓረፍተ ነገሩም በዚያው ተከፋፈለ፤ ማንም ስለ ርዝመት አልተከራከረም።

ስለ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ብዙ አልልም። «ዓመት» አንዴ በ«ዓ» አንዴ በ«አ» ተጽፎ ቢገኝ ለእያንዳንዱ መስመር አታስምሩ፤ «በመላው ጽሑፍ ‹ዓመት› በ‹ዓ› አንድ ሆኗል» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። ትንንሹን ሁሉ የዘረዘረ መዝገብ ትልቁን ይደብቃል። ሰብሳቢው አርባ መስመር ፊደል አልፈው ነው ወይ ጌሻ ላይ የሚደርሱት?

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ለምን ይህን ሁሉ በእጅ? ዎርድ ራሱ ይመዘግብ የለ?» ትሉ ይሆናል። ይመዘግባል። `Review` ከሚለው ውስጥ `Track Changes` ን ካበራችሁ የነካችሁት ሁሉ በቀለም ይታያል፤ ማብራቱን ከረሳችሁም በ`Compare` አሮጌውንና አዲሱን ፋይል ማስተያየት ይቻላል። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ተጠቀሙበት። ነገር ግን የሚያሳየው ምን እንደተቀየረ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይነግርም። ሌላም ገደብ አለው። ጽሑፉ ወደ ዲዛይነሩ ሲሄድ ቀለሙ ሁሉ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ስሕተት በዎርድ አይታይም። በየጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ዛሬም በፓወር ግዕዝ የተጻፉ አሮጌ ፋይሎች አሉ። እነዚህ ከታች የያዙት የላቲን ኮድ ስለሆነ ከዩኒኮድ ፋይል ጋር ስታስተያዩት ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር የተቀየረ ይመስላል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መልሱት፣ ተመልሶ የወጣውን ከታተመው ብሮሸር ጋር አንብባችሁ አመሳክሩ፣ ከዚያ ነው እርማቱ የሚጀመረው። ደንበኛው የሰጠው ፋይል ሳይነካ ለብቻው ይቀመጥ፤ ስሙም ለምሳሌ `tepi-01-original` ይሁን።

መዝገቡን መቼ ነው የምትሞሉት? እያረማችሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ በትዝታ የተሞላ መዝገብ ከምክንያቱ አምድ ይታወቃል፤ «ለማሻሻል»፣ «የተሻለ ስለሆነ»፣ «ለአንባቢ እንዲመች» የሚሉ ቃላት ከላይ እስከ ታች ይደረደራሉ። እንዲህ ያለውን ምክንያት ቆርጣችሁ ሌላ መስመር ላይ ብትለጥፉት እዚያም ይሠራል፤ ስለዚህ ምንም አልነገረንም። «ፈረሱላ ለውጭ ገዢ አይታወቅም» የሚለው ግን ከራሱ መስመር ውጭ የትም አይሄድም።

አጻጻፉም ይታሰብበት። በእኛ አካባቢ የማኅበር ብሮሸር ሰብሳቢው ብቻውን የሚያጸድቀው አይደለም፤ ሥራ አመራር ኮሚቴው ተቀምጦ ይሰማዋል። መዝገቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ከሚሰሙት ውስጥ አፍ መፍቻው ሸክኛ፣ ሸኮኛ ወይም ቤንችኛ የሆነ ብዙ ነው። «የአገላለጽ ግድፈት» ከማለት «ገዢው ማስረጃ ይጠይቃል» ማለት ይገባል። «ትርጉም የለውም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ጸሐፊ እዚያው በስብሰባው ላይ ተቀምጦ ይሰማችኋል።

ዲዛይነሩ ፕሩፉን ሲያመጣ መዝገቡን አውጡና መስመር በመስመር ከፕሩፉ ጋር አስተያዩ፤ የገባውን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ዲዛይነር ካረማችሁት ፋይል ይልቅ ባለፈው ዓመት የሠራውን ገጽ ከፍቶ እላዩ ላይ መሥራት ይቀናዋል፤ «ደቡብ ክልል» ተመልሶ የሚገባው እንዲህ ነው። ፕሩፉ ላይ ደንበኛው ሲፈርም መዝገቡም ላይ አስፈርሙት፤ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ፣ አንድ ቅጂ ለእናንተ።

የሚቀጥለው ዓመት ምርት ሲደርስና ብሮሸሩ እንደገና ሲታተም ያንኑ መዝገብ ታወጣላችሁ። ክልሉና የተቋቋመበት ዓመት አይነኩም። የሚጠየቁት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ የዓመቱ መጠንና፣ ምናልባት ምስክር ወረቀቱ ደርሶ ከሆነ፣ ኦርጋኒክ የሚለው። በስልክ ደውላችሁ የምትጨርሱት ሥራ ነው።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)